የ«ሃይ ትሪስ» ፍርድ ሬሺዮ የቱ ነው? ዳኛው ያለው ሁሉ ያስገድዳል እንዴ?

ህሊና_ከለንደን | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ቀን ሆስፒታል እየሠራሁ ማታ ማታ ሕግ እማራለሁ። ጥያቄዬ የደከመው ሰው ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለቤት ሥራ የተሰጠን የእንግሊዝ ፍርድ «ሃይ ትሪስ» የሚባለው ነው። የማያውቀው ካለ ባጭሩ ልንገረው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በ1937 አንድ ኩባንያ ክላፓም የሚገኝ የአፓርታማ ሕንፃ ለሌላ ኩባንያ ለ99 ዓመት አከራየ፤ ኪራዩ በዓመት 2,500 ፓውንድ። ተከራዩ ደግሞ አፓርታማዎቹን አንድ በአንድ እያከራየ ሊያተርፍ ነው። ጦርነት መጣ፣ ሰው ከለንደን ወጣ፣ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። በ1940 መጀመሪያ ላይ አከራዩ ኪራዩን በግማሽ ወደ 1,250 ለመቀነስ በጽሑፍ ተስማማ። እስከ መቼ የሚለውን ግን ማንም አልጻፈም። ተከራዩም ለቅናሹ በምላሹ የሰጠው ምንም ነገር የለም።

በ1945 መጀመሪያ ሕንፃው ሞላ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የአከራዩን ንብረት ለአበዳሪዎቹ ብሎ የሚያስተዳድረው ሰው ውሉን ገልጦ ቢያይ 2,500 ይላል። ሙሉውን ክፈሉ፣ ያለፈውንም ጨምሩ አለ። ክስ ሲመሠርት ግን ለመሞከሪያ ያህል የ1945ን የመጨረሻ ሁለት ሩብ ዓመት ልዩነት ብቻ ጠየቀ፤ 625 ፓውንድ።

ዳኛው ዴኒንግ ለአከራዩ ፈረደ፤ 625ቱ ይከፈል አለ። ነገር ግን አያይዞ፣ አከራዩ ከ1940 እስከ 1945 መጀመሪያ ያለውን ልዩነት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ አያገኝም ነበር፤ ቃል ሰጥቷል፣ ተከራዩም ቃሉን አምኖ ሠርቶበታል፣ አሁን ላጥፈው ሊል አይችልም አለ።

እኔም የፍርዱ ሬሺዮ፣ ማለትም አስገዳጁ የሕግ ምክንያት፣ ብዬ የጻፍኩት፦ «ሌላው እንዲተማመንበት ታስቦ የተሰጠ፣ የተተማመነበትም ቃል፣ በምላሹ ምንም ባይሰጥበትም የሰጠውን ሰው ያስገድዳል»። መምህሬ በቀይ ብዕር «ይህ ሬሺዮ አይደለም፤ ማን እንዳሸነፈ እይ» ብላ መለሰችልኝ። ግራ ገባኝ። ፍርዱ የታወቀው በዚሁ ነገር አይደለም እንዴ? የታወቀበት ነገር እንዴት አስገዳጁ ክፍል አይሆንም?

---

ጠበቃ_22ማዞሪያ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

አታወሳስቢው እህቴ። ሃያ ዓመት ችሎት ቆሜያለሁ። ከፍርድ ውስጥ የሚያስገድደው መጨረሻው ላይ «ውሳኔ» ከሚለው ርዕስ ሥር ያለው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሐተታ ነው። ዳኛው ጭብጥ ይይዛል፣ ግራ ቀኙን ይመረምራል፣ ያትታል፤ ያስቀጣው ወይም ያስከፈለው ግን መጨረሻ ላይ ያለችው ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ናት። ያንቺ ጉዳይ ውሳኔው «625 ይከፈል» ነው። መምህርሽም ማለት የፈለገችው ይህንኑ ነው።

---

አባ_መዝገብ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50

ጠበቃ፣ እርስዎ ያሉት ለባለጉዳዮቹ ትክክል ነው። 625 ፓውንዱ የሚያስገድደው እነዚያን ሁለት ኩባንያዎች ነው። ነገ ሌላ ተከራይ ከሌላ አከራይ ጋር ቢካሰስ «ሃይ ትሪስ ላይ 625 ተብሏልና ክፈል» የሚል ዳኛ የለም። ለወዲያኛው ችሎት የሚተላለፈው ውሳኔው ሳይሆን ወደ ውሳኔው ያደረሰው የሕግ ምክንያት ነው። እሱ ደግሞ የሚገኘው እርስዎ «ሐተታ» ብለው በዘለሉት ውስጥ ነው፤ ሐተታው ሁሉ ግን እሱ አይደለም። ችግሩም ይኸው ነው፤ እንግሊዞቹ ዳኞች «ሬሺዮዬ ይህ ነው» ብለው አያሰምሩበትም።

ህሊና፣ መምህርሽ «ማን እንዳሸነፈ እይ» ያለችሽ አንድ የቆየ መፈተኛ አስባ ይመስለኛል። ዋምቦ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ መምህር በ1894 ያስቀመጠው ነው። ሬሺዮ ነው ያልሺውን ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ከዚያ ገልብጪውና ዳኛው የተገለበጠውን አምኖ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ይለወጥ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተለወጠ ያ ዓረፍተ ነገር ፍርዱን አልተሸከመም ማለት ነው።

አሁን ያንቺን እንሞክረው። አንቺ «እንዲህ ያለ ቃል ያስገድዳል» ብለሻል። ገልብጪው፦ «እንዲህ ያለ ቃል አያስገድድም»። ቃሉ ካላስገደደ አከራዩ መጀመሪያውኑ 2,500 የማግኘት መብቱ አልተነካም። የ1945 የመጨረሻ ሁለት ሩብ ዓመት ልዩነት ስንት ነው? 625። ማን አሸነፈ? አከራዩ። በተጻፈውም ፍርድ ያሸነፈው አከራዩ ነው። ዓረፍተ ነገርሽን ቀና ብታደርጊውም ብትገለብጪውም ውጤቱ አንድ ነው።

ሌላ ዓረፍተ ነገር ልስጥሽ። ዴኒንግ ስለ ማስረጃው ሲናገር፣ ቅናሹ የታሰበው በጦርነቱ ምክንያት ሕንፃው ሳይሞላ እስከቆየበት ጊዜ ድረስ ነው፤ ሕንፃው ሲሞላ ቅናሹ አበቃ አለ። እሱን ገልብጪ፦ «ቅናሹ ለ99 ዓመቱ በሙሉ ነበር»። ያኔ ተከራዩ 1,250 ብቻ የመክፈል ነገር ይኖረዋል፤ 625ቱም ይቀራል። ይህኛው ፍርዱን ተሸክሟል።

ስለዚህ ጠባቡ ሬሺዮ እንዲህ ይላል፦ ለተወሰነ ሁኔታ ተብሎ የተሰጠ የኪራይ ቅናሽ ሁኔታው ሲያበቃ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኪራይ በውሉ መሠረት ይከፈላል። አሰልቺ ነው፤ ማንም በዚህ ምክንያት መጽሐፍ ውስጥ አይጽፈውም። ፍርዱን ያስጠራው የ1940 እስከ 1945ቱ ንግግር ነው፤ እሱ ግን ማንም ስላልከሰሰበት ገንዘብ የተነገረ ነው። እንዲህ ያለውን ነው ኦቢተር የሚሉት።

---

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡30

ወይ ጉድ፣ የኔን ታሪክ ነው የምታወሩት! በኮሮና ጊዜ ሥራ ስቆም ያከራየኝ ሰው «አይዞሽ፣ እስክትመለሺ በወር 400 ዶላር ቀንሼልሻለሁ» ብሎ ቴክስት ላከልኝ። ቴክስቱ አሁንም አለኝ። ስምንት ወር በቅናሹ ከፈልኩ። ልወጣ ስል «የቀረብሽ 3,200 አለ፣ ከማስያዣሽ እቆርጠዋለሁ» አለኝ። ይህን ፍርድ ፕሪንት አድርጌ ልላክለት? ዳኛው ካለ አለ ነው፣ ኦቢተር ምናምን ምን አገባኝ። አባ መዝገብ እባክዎን ይንገሩኝ።

---

አባ_መዝገብ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡45

እህት ሰላም፣ ያንቺ ነገር ከሬሺዮና ኦቢተር በፊት ሌላ ጥያቄ አለው፦ የማን ፍርድ ቤት ነው? የእንግሊዝ ፍርድ ሜሪላንድ ላይ ሬሺዮውም ኦቢተሩም አያስገድድም። አሜሪካ ቃልን ስለማጠፍ የራሱ ሕግ አለው፤ እንዲያውም በዚህ ከእንግሊዙ ሰፋ ይላል። ቴክስቱን አታጥፊው፣ በየወሩ የከፈልሽበትንም አስቀምጪ፤ ሰውዬው ስምንቱን ወር ያለ ቅሬታ መቀበሉ ለአንቺ ይናገራል። ይዘሽ የምትሄጂው ግን እዚያው አካባቢ ተከራዮችን በነፃ የሚረዳ ጠበቃ ጋ ነው። የክላፓምን ፍርድ እቤት ተዪው።

---

ዳዊት_ክ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

አባ መዝገብ፣ ግልበጣዎ ላይ አንድ ነገር አልፈዋል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲገለብጡ «ቅናሹ ለ99 ዓመት ቢሆን ኖሮ ተከራዩ ያሸንፍ ነበር» አሉ። ለምን ያሸንፋል? ቃሉ የሚያስገድድ ከሆነ ብቻ እኮ ነው! ቃሉ ከመጀመሪያው የማያስገድድ ከሆነ ለ99 ዓመትም ይሁን ለ99 ቀን አከራዩ 625ቱን ያገኛል። ያ ማለት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ፍርዱን የሚሸከመው የመጀመሪያው ከሥር ካለ ብቻ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው እንዴት ኦቢተር ይሆናል?

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሁሉ ግልበጣ ጨዋታ ነው። የኋለኛው ዳኛ የወደደውን «ሬሺዮ» ይለዋል፣ ያልወደደውን «ኦቢተር» ይለዋል።

---

ህሊና_ከለንደን | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

ዳዊት ያለው እኔም ማታ አልጋ ላይ መጣብኝ። ጋሼ አባ መዝገብ፣ እውነት ይህን ምን ይሉታል? ገልባጩ ራሱ ተገለበጠ እኮ 😄

---

አባ_መዝገብ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡10

ምሳ ሰዓቴን በላችሁብኝ፤ ግን ዳዊት ጥሩ ይዟል።

ለአከራዩ ለመፍረድ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው፦ ቃሉ በምላሹ ምንም ያልተሰጠበት ስለሆነ ከመነሻው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ይከፈል። ሁለተኛው፦ ቃሉ ዋጋ አለው፣ ግን ጊዜው አልፏል፣ ስለዚህ ይከፈል። ዴኒንግ በሁለተኛው ሄደ። ዋምቦ የሚጠይቀው «ያለዚህ ዓረፍተ ነገር እዚያ መድረስ ይቻል ነበር ወይ?» ነው፤ በአንደኛው መንገድ ይቻል ነበር፣ ስለዚህ ኦቢተር ነው። ሌላ ዓይነት አንባቢ ግን «ዳኛው በእውነት በየት በኩል ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህ ካየነው በቃሉ አስገዳጅነት በኩል አልፎ ነው የሄደው፣ ስለዚህ ከምክንያቱ አንዱ ደረጃ ነው። ብዙኃኑ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ የመምህርሽም ብዕር እዚያ ነው። ሁለተኛውን የሚከራከር ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ህሊና፣ ፈተና ላይ ይህን በሁለት መስመር ብታነሺ የሚጠላሽ ፈታኝ ያለ አይመስለኝም።

መፈተኛው ሌላም ቦታ ይሰበራል። ዳኛው «በዚህም ምክንያት፣ በዚያም ምክንያት ትረታለህ» ካለና እያንዳንዱ ብቻውን የሚበቃ ከሆነ፣ አንዱን ብትገለብጪ ሌላው ይሸከመዋል። በዋምቦ ከሄድን ሁለቱም ሬሺዮ አይደሉም፤ ፍርዱ ባዶ ሆነ ማለት ነው! ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1950 በጃኮብስ ጉዳይ ይህን አልተቀበለም፤ ዳኛው ሁለት ምክንያት ከሰጠ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ስለዚህ ግልበጣው መጣያ ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም። በወንፊቱ የወደቀውን ሁሉ ኦቢተር ነው ብለሽ ከመጣልሽ በፊት አንዴ እይው።

«የኋለኛው ዳኛ የወደደውን ይመርጣል» ላልከው ግን፣ ዳዊት፣ ዳኛው እንደልቡ ሲሄድ ምን እንደሚደርስበት ከዚሁ ፍርድ ቀጥሎ የመጣውን ላሳይህ። ማታ እመለሳለሁ።

---

ጠበቃ_22ማዞሪያ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ትናንት «ውሳኔ የሚለው ብቻ» ማለቴ ችኮላ ነበር፣ ይቅር በሉኝ። ለአፈጻጸም መዝገብ የለመደ ዓይን ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ይህ ሃይ ትሪስ የየትኛው ደረጃ ፍርድ ነው? ይግባኝ ተብሎበታል?

---

አባ_መዝገብ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡05

ጥያቄው ከሁላችንም የተሻለ ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ዴኒንግ ብቻውን ተቀምጦ፤ ይግባኝም አልተባለበትም። እንግሊዝ አገር ደግሞ የአንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ፍርድ ሌላውን የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ አያስገድድም። ያከብረዋል፣ ያለ ምክንያት አይለየውም፤ ግዴታ ግን የለበትም። ማለትም ሬሺዮው ራሱ የሚያስገድደው ከሥሩ ያሉትን ፍርድ ቤቶች ብቻ ነው። ሰው ስለ ሬሺዮ ሲጨቃጨቅ ይህን ይረሳል። ከማን አፍ ወጣ የሚለው ካልታወቀ የቱ ክፍል ነው የሚለው ብቻውን የትም አያደርስም።

አሁን ቀጣዩ፦ «ኮምብ እና ኮምብ»። ባልና ሚስት ናቸው። በ1943 የፍቺው ጊዜያዊ ውሳኔ ሲወጣ ባል በጠበቃው በኩል «በዓመት 100 ፓውንድ እሰጣታለሁ» ብሎ ቃል ሰጠ። አንድ ሳንቲም አልከፈለም። እሷም ቀለብ ይወሰንልኝ ብላ ለፍቺው ፍርድ ቤት አላመለከተችም። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1950፣ የተጠራቀመውን 675 ፓውንድ ጠይቃ ከሰሰች። (እዚህ ላይ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ፤ የእሷ ገቢ ከእሱ ይበልጥ ነበር።)

የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ባይርን እንዲህ አሰበ፦ በምላሹ የሰጠችው ነገር የለም፣ ስለዚህ ውል የለም። ነገር ግን ሃይ ትሪስ አለ! ቃል ተሰጠ፣ ተማምናበታለች፣ ስለዚህ ያስገድዳል። በይርጋ ያለፈውን 75 ቀንሶ 600 ፈረደላት።

ህሊና፣ ባይርን የያዘው ዓረፍተ ነገር አንቺ ማክሰኞ ማታ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ነው። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። አየሽ ምን እንደጎደለው? ሃይ ትሪስ ላይ ቃል የሰጠው ሰው ከሳሽ ነበር። ዴኒንግ በኦቢተሩ ያለው «ቃል የሰጠህ ሰው የድሮ መብትህን ይዘህ ልትከስ አትችልም» ነው። ቃል የተሰጠው ሰው ቃሉን ይዞ ሊከስ ይችላል አላለም። ዓረፍተ ነገሩ ከፍሬ ነገሩ ሲለቀቅ «ቃል ያስገድዳል» ሆነና ማንም በፈለገው በኩል የሚይዘው ነገር ሆነ።

ባል ይግባኝ አለ። በ1951 ይግባኝ ሰሚው ላይ ከተሰየሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዴኒንግ ራሱ። ፍርዱ ተሻረ። ያ መርህ መከላከያ ነው፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የክስ መብት አይፈጥርም ተባለ።

---

ዳዊት_ክ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ይህ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው። ራሱ ዴኒንግ ተመልሶ መጥቶ የራሱን ቃል ትርጉም ሰጠ። ዴኒንግ ባይሰየም ኖሮስ?

---

አባ_መዝገብ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡50

ሌሎቹ ሁለቱም ተስማምተውበታል፤ የዴኒንግ መኖር ታሪኩን አሳመረው እንጂ ድምፁ አንድ ነው። ግማሽ ልስጥህ ግን፦ የአንድ ፍርድ ሬሺዮ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚቆርጠው የኋለኛው ፍርድ ቤት መሆኑ እውነት ነው። የሚቆርጠው ግን በፍሬ ነገሩ ታጥሮ ነው። ኪራዩ፣ ጦርነቱ፣ ባዶ ቤቱ፣ ማን ከሰሰ የሚለው፤ ከእነዚህ የትኛው ለነገሩ ወሳኝ እንደሆነ መከራከር ይቻላል። ያልነበረውን እንደነበረ አድርጎ መከራከር ግን አይቻልም። ባይርን የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

---

ህሊና_ከለንደን | ረቡዕ፣ ማታ 5፡15

አሁን ኮምብን ራሴ ልሞክረው፤ ስህተት ካለ ቁረጡኝ።

ይግባኝ ሰሚው ሁለት ነገር ያለ መሰለኝ። ሀ፦ የሃይ ትሪስ መርህ ብቻውን የክስ መብት አይፈጥርም። ለ፦ ሚስት ወደ ፍርድ ቤት አለመሄዷ ባል የጠየቃት ነገር ስላልሆነ፣ ለቃሉ በምላሹ የተሰጠ ነገር ሆኖ አይቆጠርም። ሀን ስገለብጠው በመርሁ በኩል ሚስት ታሸንፋለች። ለን ስገለብጠው በውል በኩል ሚስት ታሸንፋለች። ሁለቱም ውጤቱን ይለውጣሉ። ስለዚህ ሁለቱም ሬሺዮ ናቸው?

ሦስተኛ ነገርም አለ። ዴኒንግ «ሚስትየዋ ቀለብ አልጠይቅም ብላ ቃል ገብታ ቢሆን እንኳ፣ ያ ቃል አያስራትም ነበር» ይላል። ግን ቃል አልገባችም፤ ማስረጃው ላይ የለም። ይህን ኦቢተር ውስጥ ጣልኩት።

---

አባ_መዝገብ | ረቡዕ፣ ማታ 5፡40

ከዚህ የምቆርጠው የለኝም። ልብ በይ፣ ይህ ፍርድ ከጃኮብስ ይለያል፤ እዚያ ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ሚስት የምትገባበት በር ሁለት ነበር፤ ባል እንዲረታ ሁለቱም መዘጋት ነበረባቸው። ለዚህ ነው ግልበጣው ያላስቸገረሽ። ደረጃውንም ጻፊ፦ ኮምብ የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ስለሆነ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱን ያስገድዳል፤ ከጠባብ ልዩነቶች በቀር ራሱን ይግባኝ ሰሚውንም ያስገድዳል።

በፍርድ ውስጥ «ቢሆን እንኳ»፣ «ኖሮ»፣ «ይህን መወሰን አያስፈልገኝም፣ ግን» የሚሉትን ስታዪ እርሳስሽን አንሺ። አብዛኛውን ጊዜ ኦቢተሩ እዚያ ይጀምራል። ሁልጊዜ አይደለም።

---

ሙሉቀን_ባሕርዳር | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

አራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ክሩን ሁሉ አነበብኩት። የኛስ? በአዋጅ 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል ተባለ፤ አዋጅ 1234/2013ም ይህን ይዞ ቀጥሏል። አዋጁ የሚለው «የሕግ ትርጉም» ነው። ታዲያ ሰበር በፍርዱ ውስጥ የተረጎመው አንቀጽ ሁሉ ያስገድዳል? ወይስ እኛም ሬሺዮ መፈለግ አለብን? መምህራችን «እኛ የኮመን ሎው አገር አይደለንም» ብሎ አለፈው።

---

ጠበቃ_22ማዞሪያ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

ይህን ለኔ ተዉልኝ፣ በየቀኑ የምበላው እንጀራ ነው።

ሙሉቀን፣ ችሎት ላይ የሚሆነውን ልንገርህ። ጠበቃው የሰበር ቅጾችን ይገልጣል፤ ፊት ላይ በአጭሩ የተጻፈውን ሁለት መስመር ይገለብጣል፤ የመዝገብ ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ «አስገዳጅ ነው» ይላል። ፍርዱን አላነበበም። እኔም አድርጌዋለሁ። ያቺ ሁለት መስመር ግን ፍርዱ አይደለችም፤ ለማውጫነት የተዘጋጀች ናት፣ ፍሬ ነገሩም ተልጦላታል።

ምሳሌ ልፍጠርልህ፣ እውነተኛ መዝገብ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይላል። እንበል ሻጭ ቤት መሸጡን አልካደም፣ ገንዘቡንም ተቀብሏል፣ ውሉ ግን ስላልተመዘገበ ይፍረስልኝ አለ። ሰበር «ውሉን ያመነ ሻጭ ባለመመዝገቡ ብቻ ሊያፈርሰው አይችልም» አለ፤ ቀጥሎም «ሻጩ ክዶ ቢሆን ኖሮ ግን ውሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር» ብሎ ጨመረ። በሌላ መዝገብ እኔ የካደ ሻጭ ይዤ ስሄድ ያቺን ተጨማሪ መስመር «አስገዳጅ» ብዬ ልጠቅሳት እችላለሁ? እንደ አባ መዝገብ አነጋገር ከሆነ አልችልም፤ ስላልተከሰሰበት ነገር የተነገረች ናት። እንደ አዋጁ ፊደል ከሆነ ግን «የሕግ ትርጉም» ናት፣ አምስት ዳኞች ፈርመውባታል።

እኔ በበኩሌ ችሎቱ ያለ ጭብጥ የተናገረውን አስገዳጅ አልለውም። ሰበር የሚያየው የተያዘውን ጭብጥ ነው፤ ግራ ቀኙም የተከራከሩት በዚያ ላይ ነው። የካደ ሻጭ ጠበቃ እዚያ ቆሞ አልተከራከረም። ካልሰሙት ሰው ላይ ሕግ መተርጎም ልክ አይመስለኝም።

---

ሙሉቀን_ባሕርዳር | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡40

አመሰግናለሁ። ግን የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ቢሆኑ ይደፍሩታል? ያቺን መስመር አልከተልም ብሎ ቢወስን «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ተብሎ በሰበር ይሻርበታል።

---

ጠበቃ_22ማዞሪያ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡05

እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙው ዳኛ አይደፍርም። መዝገብ ተከምሮበታል፤ መስመሯን ጠቅሶ መዝገቡን ይዘጋል።

---

አባ_መዝገብ | ሐሙስ፣ ከሰዓት 7፡25

ጠበቃ፣ ስለ ያልተሰማው ሰው ያሉት ከዋምቦም ይበልጥብኛል፤ ኦቢተር የማያስገድደው ቃሉ ስለሚጠላ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን ስላልተፈተነ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ ያለውን ወደ ሰበር እንዳለ ማጓጓዝ ይከብደኛል። እዚያ ዳኛው ሕግ የሚያወጣው ከጉዳዩ ጋር ተጣብቆ ነው። ለሰበር ግን አዋጁ የሰጠው ሥልጣን ሕግን ወጥ ማድረግ ነው፤ ችሎቱ አውቆ ሰፋ አድርጎ ሊተረጉም ይችላል፣ ያም ከአዋጁ ዓላማ የወጣ ላይሆን ይችላል። እኔ በዚህ ላይ እርግጠኛ መልስ ይዤ አልተቀመጥኩም።

---

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

የነፃ ጠበቃ አገኘሁ። ቴክስቱን አሳየኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እስክትመለሺ ያለው ወደ ሥራ እስክትመለሺ ነው? መቼ ተመለስሽ?» ብላ ነው። ለካ ከስምንቱ ወር ሁለቱን ሥራ ጀምሬ ነበር 🙈 የስድስቱ ይሻላል፣ የሁለቱ ግን ያከራክራል አለችኝ። አባ መዝገብ፣ ይህ ያ የሞላው ሕንፃ ነገር ነው አይደል?

---

አባ_መዝገብ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ራሱ ነው።

---

ህሊና_ከለንደን | ዓርብ፣ ማታ 4፡20

ጽሑፉን እንዲህ አድርጌ መልሼ ላክሁ፦ «በሃይ ትሪስ የተወሰነው፣ ሕንፃው ባዶ ለነበረበት ጊዜ የተሰጠው የኪራይ ቅናሽ ሕንፃው ሲሞላ ማብቃቱ ነው። ከ1940 እስከ 1945 ስላለው ኪራይ የተባለው በዚህ ክስ ያልተጠየቀ ነው፤ ወደ ውሳኔው የሚያደርስ ደረጃ ነው የሚል ክርክር ግን አለ። ፍርዱ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። መርሁ በይግባኝ ሰሚ ደረጃ የታጠረው በኮምብ ነው።»

መምህሬ ዛሬ መለሰችው። «የሚል ክርክር ግን አለ» የሚለው ሥር አስምራ «የማን ክርክር?» ብላ ጽፋበታለች። ዳዊት፣ ስምህን ላስገባ?